ጥዝጣዜው ጋብ አለ፣ ጉንጩ ግን አበጠ፤ እስከ ሰኞ ብንቆይ ችግር አለው?

ጣና_ዳር · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ዕድሜው 26፣ የምንኖረው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። በታችኛው ረድፍ በቀኝ በኩል፣ ከመጨረሻው መንጋጋ አንድ ቀድሞ ያለው ጥርሱ ከተቦረቦረ ቆይቷል። ከማክሰኞ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዘው ነበር። ቀን ቁጭ ሲል ይሻለዋል፣ ማታ ጋደም ሲል ግን ልቡ በመታ ቁጥር ጥርሱ አብሮ ይመታል፤ እንቅልፍ የሚባል የለም።

ሐሙስ ዕለት አሞክሳሲሊን 500 ገዝቶ ጠዋትና ማታ እየወሰደ ነው። አርብ ደግሞ የዲክሎፌናክ መርፌ ተወጋ። አርብ ማታ ጥዝጣዜው ጋብ ብሎለት ተኛ። ዛሬ ጠዋት ሲነሳ ግን ፊቱ በቀኝ በኩል አብጧል፤ እስካሁን እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይደለም። እናታችን «ሕመሙ ከቀነሰ መድኃኒቱ ይዞለታል፣ እብጠቱም ይሄዳል» ትላለች። የጥርስ ክሊኒኩ የሚከፈተው ሰኞ ስለሆነ እስከዚያ ብንጠብቅ ምን ይላችኋል?

እመ_ብሩክ · ከምሽቱ 2፡52

ልጄ እግዚአብሔር ይማርልህ። ይሄ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆን? የእኔም ልጅ ባለፈው እንዲሁ ባንድ በኩል አብጦበት በሳምንቱ ሄደለት። ምንም መድኃኒት አላስፈለገውም፣ ሙቅ ሙቁን ብቻ ይጠጣ።

ጋሽ_ሞላ · ከምሽቱ 3፡05

አይዞህ፣ የጥርስ እብጠት ነው። ለብ ባለ ውኃ ጨው በጥብጦ ይጉመጥመጥ፣ ከውጭ በኩል ደግሞ በሙቅ ፎጣ ይያዝለት፤ ሙቀቱ መግሉን ያበስለዋል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ እብጠት ላይ ያለ ጥርስ አይነቀልም። መጀመሪያ እብጠቱ ይውረድ፣ ከዚያ ይነቀላል። ድሮም እንዲህ ነው የምናውቀው።

ጥርስና_መንጋጋ · ከምሽቱ 3፡20

ጣና ዳር፣ ከሁሉ በፊት የእናትህን ሐሳብ ልመልስ፣ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነውና። ጥዝጣዜው ከየት እንደመጣና ለምን እንደቆመ ካወቅን እብጠቱ ምን እንደሆነ ይገባናል።

በጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭና የደም ሥር ዙሪያው ሁሉ ጠንካራ ግድግዳ ነው። ቦርቡሩ እዚያ ሲደርስ ውስጡ ይቆጣል፤ የተቆጣ ሥጋ ማበጥ ይፈልጋል፣ ግን ማበጫ ቦታ የለውም፣ ስለዚህ ግፊቱ ነርቩ ላይ ያርፋል። ጋደም ሲል ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ስለሚገፋ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሌሊት የሚብሰውና ከልብ ምት ጋር የሚመታው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ነርቩ ይሞታል፣ ተሕዋስያኑ በሥሩ ጫፍ በኩል ወጥተው አጥንቱ ውስጥ መግል ይቋጥራሉ። እዚያም ግፊት ስላለ ሕመሙ ይቀጥላል፤ ጥርሱን በማንኪያ እጀታ ነካ ብታደርገው ያዘልለዋል። ከዚያ አንድ ቀን መግሉ አጥንቱን ይበሳና ወደ ለስላሳው ሥጋ ይፈሳል። ግፊቱ ተነፈሰ ማለት ነው፤ ሕመምተኛው «ተሻለኝ» ብሎ ይተኛል፣ ጠዋት ፊቱ አብጦ ይነሳል። የወንድምህ ሁኔታ በትክክል ይህን ይመስላል። በሽታው ከጥርሱ ወጣ እንጂ አልዳነም።

አሁን ዋናው ጥያቄ መግሉ ወዴት በኩል ወጣ የሚለው ነው። መንገዱን የሚወስነው የሥሩ ጫፍ በአጥንቱ ላይ ከሚጣበቁት ጡንቻዎች በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ነው። በጉንጭ በኩል ወጥቶ ከሆነ ፊቱ በጣም ሊያስፈራ ይችላል፣ ግን መተንፈሻ አካባቢ አይደለም። የታችኞቹ የኋለኛ መንጋጋዎች ግን የተለዩ ናቸው፦ በምላስ በኩል ያለው አጥንታቸው ስስ ነው፤ ሥራቸውም ረዝሞ የምላስን ወለል ከያዘው ጡንቻ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ከእነሱ የሚወጣ መግል ከአገጭ አጥንት በታች፣ አንገት መጀመሪያ ላይ ይከማቻል። ከዚያ ወደ ምላስ ሥር፣ ወደ ጉሮሮ ጎንና ወደ ሌላኛው ወገን ለመሻገር የሚያግደው ብዙ ነገር የለም። አንተ የጠቀስከው ጥርስ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ስለዚህ አሁኑኑ እነዚህን አይተህ ጻፍልኝ፦

የታችኛውን የመንጋጋ አጥንት ጠርዝ ከጆሮ ሥር እስከ አገጭ በጣትህ ተከተል። ጤነኛው በኩል ጠርዙ ቁልጭ ብሎ ይዳሰሳል። ባበጠው በኩልም ከተዳሰሰ እብጠቱ ጉንጭ ላይ ነው፤ ጠርዙ እብጠቱ ውስጥ ከጠፋ ግን ከአጥንቱ በታች ወርዷል።

አፉን ከፍቶ የራሱን ጣቶች ደርቦ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ በጥርሶቹ መሐል ያስገባ። ሦስት ከገባ ደኅና ነው። ሁለት ብቻ ከሆነ ማኘኪያ ጡንቻዎቹ ተነክተዋል።

ምላሱን ከከንፈሩ አሳልፎ ያውጣ፣ ቀጥሎ ወደ ላንቃው ያንሳ። ከምላሱ ሥር ያለው ቦታ ለስላሳ ነው ወይስ ደንድኖ ከፍ ብሏል?

ምራቁን ሲውጥ ያመዋል? ድምፁ ተለውጧል? ትኩሳቱስ ስንት ነው? የመጨረሻውን የሕመም ማስታገሻ በስንት ሰዓት እንደወሰደም ንገረኝ።

እመ ብሩክ፣ የጆሮ ደግፉ ጥርጣሬ መጥፎ አይደለም፣ ግን መለያ አለው። ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ፊትና ሥር ስለሚያብጥ የጆሮውን ሎቲ ማንጠልጠያ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ጥርስ ሲነካ አያምም። እዚህ ቀድሞ የታመመው ጥርሱ ነው።

ጣና_ዳር · ከምሽቱ 3፡48

ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉት አየሁት። በግራ በኩል አጥንቱ ይዳሰሳል፣ በቀኝ በኩል ግን ከመካከሉ ጀምሮ ጠርዙ አይገኝም፤ ጠንከር ያለ እብጠት ነው፣ ስጫነው ያመዋል። ጣት ሁለት ብቻ ነው የገባው፣ ሁለተኛውም በግድ። ምላሱን ያወጣል፣ ግን ቀኝ በኩል ከሥሩ ይይዘኛል ይላል። ከምላሱ ሥር ለስላሳ ይመስለኛል፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ምራቅ ሲውጥ ያመዋል። ድምፁ ያው ነው። ትኩሳቱ 38.6 ነው። ፓራሲታሞል 1 ግራም ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወስዶ ነበር።

ጥርስና_መንጋጋ · ከምሽቱ 3፡56

ሰኞን አትጠብቁ፤ ነገንም አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ይታይ። ምክንያቴን ልንገርህ፦ እብጠቱ ከመንጋጋ በታች ነው፣ አፉ መከፈት እየቀነሰ ነው፣ ሲውጥ ያመዋል፤ ፓራሲታሞሉ ከተወሰደ ስድስት ሰዓት ገደማ ሆኖት ደግሞ 38.6 አለው። አንዱ ብቻ ቢሆን ጠዋት ይሁን ልል እችል ነበር፤ አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አይቻልም።

የምትሄዱበት የጥርስ ክሊኒክ ሳይሆን የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሁን። በደም ሥር መድኃኒት የሚሰጥ፣ እብጠቱን ከውጭ በጥቶ የሚያፈስ፣ ካስፈለገም የመተንፈሻ ቱቦ የሚያስገባ ባለሙያ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ላይ ስላላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ቅርብ ናቸው። ስልካቸውን ካወቃችሁ ተረኛ የአፍና የመንጋጋ ወይም የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ መኖሩን ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ካላወቃችሁ ግን ለመደወል ብላችሁ አትዘግዩ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እነሱ ይልኳችኋል።

አሁን ምላሱ ሥር ለስላሳ መሆኑ ጥሩ ነው። የምንፈራው ከምላስ ሥርም ከአገጭ በታችም በሁለቱም ወገን ደንድኖ ምላሱን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሲገፋው ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ በ1836 እ.ኤ.አ. የጻፈው በስሙም የሚጠራው በሽታ ይህ ነው። እዚያ ላይ ሰው የሚሞተው በመግሉ ብዛት ሳይሆን አየር በማጣት ነው፤ ከአንድ ወገን ወደ ሁለት ወገን ለመሻገር ደግሞ ጥቂት ሰዓታት ሊበቁት ይችላሉ።

ሲስተር_ድንገተኛ · ከምሽቱ 4፡02

ለመንገዱ ጥቂት ነገር ልጨምር፣ እኛ በር ላይ ስንቀበላችሁ ለውጥ የሚያመጡት እነዚህ ናቸው።

በጀርባው አታስተኙት። ቁጭ ብሎ፣ ትንሽ ወደፊት ዘንበል ብሎ ይምጣ፤ ምራቁን መዋጥ ካቃተው ፎጣ ላይ ይትፋው። ከአሁን ጀምሮ ምግብ አይብላ፤ ዛሬ ሌሊት ሙሉ ማደንዘዣ ካስፈለገ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። ከመውጣታችሁ በፊት የእብጠቱን ዳርቻ በእስክሪብቶ አስምሩና አጠገቡ ሰዓቱን ጻፉ። ሐኪሙ ሲያየው መስመሩን ምን ያህል እንዳለፈ በዓይኑ ያያል፤ «ከጠዋት ጀምሮ ጨምሯል» ከሚል ቃል ይልቅ ይሄ ይናገራል።

የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ፣ የመርፌውንም። ስኳር አለበት ወይ ብለው ይጠይቋችኋል፤ ባታውቁ እንኳን ጣቱ ተወግቶ ይለካ በሉ። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይህ በሽታ ይፈጥናል፣ በሽታውም ስኳሩን ያወጣዋል።

እዚህ ድረስ ሳትደርሱ ድምፁ ታፍኖ ከተለወጠ፣ ምራቁ በአፉ መፍሰስ ከጀመረ ወይም ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ ባጃጅ ስትፈልጉ ሰዓት አትግደሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የጎረቤት መኪናም ከቀደመ በእሱ ውጡ።

ጣና_ዳር · ከምሽቱ 4፡06

መኪና አግኝተናል፣ እየወጣን ነው። በሰላም ያቆያችሁ፣ እጽፋለሁ።

ፋርማሲ_በር · ከምሽቱ 4፡25

እነሱ በሰላም ይድረሱ። ሌላው አንባቢ እንዲጠቀም ግን ስለ መድኃኒቱ ልጻፍ፣ ይህን ታሪክ ከመስኮቱ ማዶ በየሳምንቱ ስለምሰማው።

አሞክሳሲሊን 500 ሚሊግራም ለጥርስ መግል ሲታዘዝ በየ8 ሰዓቱ ነው፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ጠዋትና ማታ ብቻ ሲወሰድ በመካከሉ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል። ሆኖም በትክክል ቢወስደውም ብቻውን አይበቃውም ነበር። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፤ የሞተው ነርቭ ውስጥ ደም የለም፣ የመግሉ ጉድጓድ ውስጥም ደም የለም። ክኒኑ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ይጠብቃል እንጂ ምንጩ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ሰው አምስት ቀን ወስዶ ይሻለዋል፣ በወሩ በዚያው ጥርስ ይመለሳል፣ ሌላ አምስት ቀን ይወስዳል። ጥርሱ ተከፍቶ ወይም ተነቅሎ መግሉ ከወጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስት ቀን ይበቃል፤ እብጠት የሌለበት ጥዝጣዜ ብቻ ከሆነ ጭራሽ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም።

የማስታገሻው ነገር፦ ለአዋቂ አይቡፕሮፌን 400 ከፓራሲታሞል 1 ግራም ጋር አብሮ ሲወሰድ ለጥርስ ሕመም ከሁሉም የተሻለ ይይዛል። አይቡፕሮፌኑ ከምግብ በኋላ ይሁን፤ ፓራሲታሞሉ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይለፍ። ዲክሎፌናክ የተወጋ ሰው ግን በላዩ አይቡፕሮፌን አይጨምር፤ ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ጨጓራና ኩላሊት ላይ ይደራረባሉ። ጨጓራ ያደማው፣ ኩላሊቱን የታመመ፣ እርጉዝ ሴት በፓራሲታሞል ብቻ ትቆይ። ሁሉም ትኩሳትን ይደብቃሉ፤ ስለዚህ የሚለካው የሚቀጥለው ክኒን ሊወሰድ ሲል እንጂ በወሰዱ በሰዓቱ አይደለም።

አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ድዱን ያቃጥለዋል፤ ነጭ ቁስል ይዘው ይመጣሉ። ቅርንፉድ ለተቆጣ ነርቭ ትንሽ ያደነዝዛል፣ መግሉን ግን አይነካውም።

አንድ የማያስደስተኝ ነገር ደግሞ የዴክሳሜታዞን መርፌ ለጥርስ እብጠት መሰጠቱ ነው። ፊቱ በማግሥቱ ይጎድላል፣ ሰውዬውም ዳንኩ ይላል፤ መግሉ ግን ጸጥ ብሎ ይሰፋል።

ጋሽ_ሞላ · ከምሽቱ 4፡40

ልጁን ወደ ሆስፒታል መላካችሁ ደግ ነው። ነገር ግን «እብጠት ላይ አይነቀልም» ያልኩትን ከራሴ አላመጣሁትም፤ የጥርስ ሐኪሞችም ሲሉ ሰምቻለሁ። መድኃኒት ጽፈው «እብጠቱ ሲወርድ ና» ብለው የሚመልሱ አሉ። እነሱ ስተዋል ማለትዎ ነው?

ጥርስና_መንጋጋ · ከምሽቱ 4፡58

ጋሽ ሞላ፣ ከያዙት ውስጥ እውነት አለ፤ የጨው ውኃውም ትክክል ነው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ። የሙቅ ፎጣው ነገር ግን ይቅር፤ ከውጭ በኩል ያለ ሙቀት መግሉ በቆዳ በኩል ቀዳዳ እንዲፈልግ ይረዳዋል እንሰጋለን፣ ጠባሳውም ፊት ላይ ይቀራል። ከውጭ ቀዝቃዛ ነገር ይሻላል።

ስለ መንቀሉ፣ «አይነቀልም» የሚለው የመጣው ከሁለት እውነተኛ ችግሮች ነው። አንደኛ፣ የተቆጣ ሥጋ አሲድ ይበዛበታል፤ ማደንዘዣው ደግሞ አሲድ ውስጥ ወደ ነርቩ በደንብ አይገባም፣ ሕመምተኛው ይሰቃያል። ለታችኛው መንጋጋ ግን መርፌው የሚወጋው እብጠቱ ላይ ሳይሆን ርቆ ወደ ኋላ፣ ነርቩ ወደ አጥንቱ በሚገባበት ስፍራ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። ሁለተኛ፣ አፉ ካልተከፈተ መሣሪያ አይገባም። እነዚህ የአሠራር ችግሮች ናቸው፤ መንቀሉ ራሱ በሽታውን ይበትነዋል የሚለው ግን ትክክል አይደለም። እንዲያውም ጥርሱ ሲነቀል የመግሉ በር ይከፈታል። እኔ አፉ ከተከፈተና ማደንዘዣው ከያዘ በዚያው ዕለት እነቅላለሁ፣ ወይም ጥርሱ የሚድን ከሆነ በመሐሉ በስቼ መግሉን አፈሳለሁ።

ከመራዊ · ከምሽቱ 5፡15

ዶክተር፣ በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እኔ የምሠራው ጤና ጣቢያ ነው። ራጅ የለም፣ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒትም ሁልጊዜ አይገኝም። ሁለት ጣት ብቻ የሚከፍት ሰው የታችኛው መንጋጋ ሥሩ ቢሰበርብኝ ማውጫ የለኝም፤ ተሰብሮ የቀረ ሥር ይዞ እብጠቱ ቢቀጥል ከመጀመሪያውም የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ጉንጭ ላይ ብቻ ላለ እብጠት አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ጀምሬ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲመለስ እቀጥራለሁ፤ ከመንጋጋ በታች ለሆነ ግን በቀጥታ ሪፈር እጽፋለሁ።

ጥርስና_መንጋጋ · ከምሽቱ 5፡27

ያንተ ቦታ ላይ ሆኜ ለማየት ስሞክር ምክንያትህ ይገባኛል። እኔን የሚያሰጋኝ የ48 ሰዓቱ ቀጠሮ ነው፤ ሰውዬው በመድኃኒቱ ከተሻለው አይመለስም። ቢያንስ ድዱ ላይ የሚዋልል እብጠት ካለ በዚያ በጥቶ ማፍሰስ ያንተም መሣሪያ የሚፈቅደው ይመስለኛል።

ከመራዊ · ከምሽቱ 5፡33

የሚዋልል ከሆነ እበጣለሁ፣ እውነት ነው። ብዙዎቹ ግን የሚመጡት ገና ደንዳና እያለ ነው፤ ያኔ ቢበጣም ከደም በቀር ምንም አይወጣም።

ጥርስና_መንጋጋ · ከምሽቱ 5፡38

ደንዳናውንም ቢሆን ወደ ውስጥ የዘለቀ ሲሆን የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ይከፍቱታል፤ መግል ባይወጣም ግፊቱ ይቀንሳል። ግን ያ የጤና ጣቢያ ሥራ አይደለም፣ እዚያ ላይ እስማማለሁ።

ሰላም_ቅ5 · ከምሽቱ 6፡10

እኔ ደግሞ ላይኛው ረድፍ ላይ፣ ከፊት ሦስተኛው ጥርስ አለኝ፣ ክራንቻው። አያመኝም። ድዱ ላይ ግን ብጉር የመሰለ ነገር አለ፤ ይፈርጥና ጨዋማ ነገር ይወጣል፣ ይጠፋል፣ በወር በሁለት ወር ይመለሳል። ማስነቀል የፈራሁት የዓይን ጥርስ ነው፣ ሲነቀል ዓይን ያጠፋል ስለሚሉ ነው። እውነት ነው?

ጥርስና_መንጋጋ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ሰላም፣ ያ ብጉር የመግሉ ማፍሰሻ ነው። በር ስላገኘ ግፊት የለም፣ ግፊት ስለሌለ አያምሽም። ነገር ግን ጥርሱ ከሞተ ቆይቷል፣ ብጉሩ አንድ ቀን ተዘግቶ ቢቀር እብጠቱ ይመጣል።

ዓይንን የሚያሰጋው መንቀሉ ሳይሆን ሳይታከም የቀረው መግል ነው። የክራንቻ ሥር ከጥርሶች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ መግሉ ከፍ ብሎ ከወጣ ከአፍንጫ ጎንና ከዓይን በታች ይከማቻል። የዚያ አካባቢ የደም መላሾች ደግሞ ወደ ራስ ቅል ውስጥ ከሚገቡት ጋር የተገናኙ ናቸው። እምብዛም አይከሰትም፣ ሲከሰት ግን ከባድ ነው። የዓይንሽ ሽፋን ካበጠ፣ ዓይንሽን ስታዞሪ ካመመሽ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየሽ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር ከመጣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ።

አሁን ግን ጊዜ አለሽ። ራጅ ተነሺ፤ ክራንቻ አንድ ቀጥ ያለ ሥር ያለው ጥርስ ስለሆነ አክሊሉ ካልተሰበረ በነርቭ ሕክምና ለመዳን ከሁሉም የተመቸ ነው። መንቀል የመጀመሪያ ምርጫሽ አይሁን።

ጣና_ዳር · እሑድ፣ ከቀኑ 7፡20

ሰላም ወገኖቼ። ሌሊቱን ገባን። መስመሩን ሲያዩት በአንድ ጣት ያህል አልፎት ነበር። በደም ሥር ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል ጀመሩለት፣ ስኳሩ ደኅና ነው። ዛሬ ጠዋት ከመንጋጋው በታች ቆዳውን ትንሽ ቀደው አፈሰሱት፤ ብዙ ሽታ ያለው መግል ነው የወጣው አሉን። ጥርሱንም በዚያው ማደንዘዣ ነቀሉት። አሁን በቁስሉ ውስጥ የጎማ ቁራጭ ተሰፍቶ ይታያል፣ ፋሻው ይረጥባል። ትኩሳቱ 37.4 ነው። የተጨነቅነው እብጠቱ አሁንም ያው ስለሆነ፣ አፉም ከበፊቱ የባሰ ስለማይከፈት ነው። በትክክል አልወጣለትም ይሆን?

ጥርስና_መንጋጋ · እሑድ፣ ከቀኑ 8፡05

እንኳን ተረፈላችሁ። ዛሬ እብጠቱ ያው መሆኑ አያስደነግጥ። መግሉ ቢወጣም ዙሪያው ያለው ሥጋ ውኃ ቋጥሯል፣ ቀዶ ሕክምናውም ራሱ ያሳብጣል፤ መጉደል የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ሦስተኛው ቀን በኋላ ነው። ደንደን ያለ ነገር ለአንድ ሁለት ሳምንት ሊዳሰስ ይችላል። የምትከታተሉት ትኩሳቱን፣ የመዋጥ አቅሙንና ፋሻው ላይ የሚወጣውን ነው፤ ፈሳሹ ከቀን ቀን እያነሰና እየጠራ መሄድ አለበት። ጎማው መንገዱ ቶሎ እንዳይዘጋ የተቀመጠ ነው፤ የሚወጣው ነገር ሲያቆም እነሱ ያወጡታል፣ እናንተ አትንኩት።

ልትጠሯቸው የሚገባው ትኩሳቱ ወርዶ ከተመለሰ፣ እብጠቱ ወደ ግራ ከተሻገረ፣ ወይም ደረቱ ላይ ሕመም ከመጣ ነው። በጉሮሮ ጎን የወረደ መግል ወደ ደረት ሊደርስ ይችላልና ያቺን ምልክት አትናቁ።

ሲስተር_ድንገተኛ · እሑድ፣ ከቀኑ 8፡30

አፉ ያልተከፈተው ማኘኪያ ጡንቻው ስለተቆጣ ነው። ሐኪሙ ሲፈቅድ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ እስኪወጥረው ድረስ ብቻ፣ ቀስ እያለ ይክፈት ይዝጋ። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ጡንቻው ያጥራል፣ በኋላ ማላቀቁ ከባድ ነው። ምግቡ አጥሚት፣ ሾርባ፣ የላላ ሽሮ ይሁን። ዛሬና ነገ በማንኪያም ሆነ በጣት የተነቀለውን ቦታ አይጎርጉር፣ በመምጠጫም አይጠጣ።

ፋርማሲ_በር · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

ሲወጣ ሜትሮኒዳዞል በክኒን ይሰጡት ይሆናል። እየወሰደ ሳለና ከጨረሰ በኋላም ለሁለት ሦስት ቀን ጠላም አረቄም አይንካ።

ሌላ ጥያቄ ለዶክተር፦ ትናንት ዴክሳሜታዞንን ነቅፌ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ እብጠት ሲሰጡ አያለሁ። የትኛው ነው ትክክሉ?

ጥርስና_መንጋጋ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15

መግሉ ከወጣ ወይም ሊወጣ በዝግጅት ላይ ካለ፣ አንቲባዮቲኩ በደም ሥር እየገባ፣ የመተንፈሻው በር እንዳይዘጋ ለአጭር ጊዜ የሚሰጡ አሉ። ምን ያህል እንደሚጠቅም በባለሙያዎች መካከል እስካሁን ክርክር አለ፤ እኔ ራሴ ለሁሉም አልሰጥም። መግሉ ሳይነካ፣ ሕመምተኛው ወደ ቤቱ እየሄደ የሚሰጠውን ግን ከአንተ ጋር ሆኜ እነቅፈዋለሁ።

ደቅ_ደሴት · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

እኛ ያለነው ደቅ ነው፣ ማታ ጀልባ የለም። እንዲህ ያለ እብጠት ቢያገኘን «ዛሬ ማታ ሂዱ» የሚለው አይሠራልንም። ቤት አሞክሳሲሊን ማስቀመጥ ይጠቅመናል?

ጥርስና_መንጋጋ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡25

እናንተ ጋ የመወሰኛው ሰዓት ቀደም ማለት አለበት። ባሕር ዳር ላይ ያለ ሰው እብጠቱን አይቶ ይነሳል፤ ደቅ ላይ ያለ ሰው ግን ሌሊት የሚጠዘጥዝ የታችኛው የኋላ መንጋጋ ካለው፣ ገና ሳያብጥ፣ በማግሥቱ ጠዋት ይውጣ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ስለሚያስቸግር የጠዋቱ ጀልባ አያምልጠው። ጥዝጣዜው በድንገት ቢቆምለትም ጉዞውን አይሰርዝ፤ ለምን እንደቆመ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ካበጠ በኋላ ጀልባ እስኪገኝ አሞክሳሲሊን መጀመር ተገቢ ነው፣ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ካልሆነ በቀር፤ 500 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ። ደሴቱ ላይ ጤና ባለሙያ ካለ እሱ አይቶት ሜትሮኒዳዞልም ይጨምርበት። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ይደር፣ አንድ ሰው አብሮት ይንቃ፤ በየሁለት ሰዓቱ ጣት ያስገባ፣ ምላሱን ያውጣ፣ ውኃ ይጎንጭ። ውኃ መዋጥ ካቃተው ጠዋትን አትጠብቁ፤ ባለ ሞተር ጀልባ ያለውን ሰው ቀስቅሱት።

ደቅ_ደሴት · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡41

የማን ጀልባ እንደሚነሳ ዛሬውኑ እንነጋገራለን። ለፔኒሲሊን የማይስማማው ሰውስ ምን ይያዝ? ባለቤቴ ሰውነቷን ያሳብጣታል።

ፋርማሲ_በር · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡55

አሞክሳሲሊንም ኦግመንቲንም አይንኳት፣ ሁለቱም ከዚያው ወገን ናቸው። በምትኩ አዚትሮማይሲን ወይም ክሊንዳማይሲን ይታዘዛል፤ ግን መጠኑን በሐኪም ወረቀት ያዙት። ስትመጡ ፔኒሲሊን ምን እንዳደረጋት፣ ሽፍታ ብቻ ነው ወይስ ከንፈሯና ጉሮሮዋም አብጦ ነበር የሚለውን በዝርዝር ንገሩን፣ ምርጫው በእሱ ይለያያል።